ትኬቱ አለ፣ ፈቃዱ የለም፦ የኢስታ፣ የቪዛና የቦሌ ቪዛ ችግሮች

ጀርመን ውስጥ ትኬት ቢሮ እሠራለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች ናቸው። የሚደውሉልኝ ትኬት ሲቆርጡ ብቻ አይደለም፤ ኤርፖርት ቼክ-ኢን ላይ ሲቆሙም ይደውላሉ። ያን ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ችግሮች ከነምክንያታቸውና ከነመፍትሔያቸው ጻፍኳቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። ከመነሳትዎ በፊት የሚወጣ ቪዛ፣ ቆንስላ ያለ ሰው ጉዳይዎን አይቶ የወሰነው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፓስፖርትዎ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። እንደ አሜሪካው ኢስታ ያለ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ግን የሚለጠፍ ነገር የለውም። ከፓስፖርት ቁጥርዎ ጋር ተያይዞ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ነው። «አውሮፕላን ይሳፈር» ይላል እንጂ ቪዛ አይደለም። ሲደርሱ የሚሰጥ ቪዛ ደግሞ እስኪደርሱ ድረስ የትም የለም። ከዚህ በታች ያለው ችግር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ልዩነት ነው።

ምልክት፦ ኢስታ ተፈቅዶልኝ ነበር፤ ቼክ-ኢን ላይ ግን «የለዎትም» ተባልኩ

መጀመሪያ የምጠይቀው «ፓስፖርት ቀይረዋል?» ብዬ ነው። ኢስታ ለ2 ዓመት ያገለግላል፤ ነገር ግን ፓስፖርቱ ሲቀየር አብሮ ይሞታል። ዓመት ከመንፈቅ ቢቀረው እንኳ ለአዲሱ ፓስፖርት አይሠራም። የእንግሊዝም ሆነ የእስራኤል የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ እንደዚሁ ከአንድ ፓስፖርት ጋር የታሰረ ነው።

ፓስፖርቱ ያው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሲሞላ ተሳስቷል ማለት ነው። የጀርመን ፓስፖርት ላይ ይህ ስህተት በጣም ይበዛል። ቁጥሩ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት ስለሆነ ሰዉ ዜሮውን «ኦ» ብሎ ይሞላዋል። ጀርመን ግን በፓስፖርት ቁጥር ውስጥ «ኦ» የሚለውን ፊደል አትጠቀምም። ክብ ነገር ካዩ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። የአየር መንገዱ ማሽን ፓስፖርቱን ሲያነብ ትክክለኛውን ቁጥር ይልካል፤ በዚያ ቁጥር የተመዘገበ ፈቃድ ስለሌለ «የለም» የሚል መልስ ይመጣል።

መፍትሔው፦ ስልክዎ ላይ ያስቀመጡትን የድሮ ኢሜይል አይመኑ። esta.cbp.dhs.gov ላይ ገብተው ፓስፖርቱን በእጅዎ ይዘው ቁጥሩን እንደገና ይጻፉና ያለበትን ሁኔታ ይመልከቱ። Authorization Approved ካለ ደህና ነዎት። Authorization Pending ካለ ገና እየታየ ነው፤ እስከ 72 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስህተት ካገኙ ደግሞ ማረም አይቻልም። ከከፈሉ በኋላ የፓስፖርት ቁጥር አይነካም፤ አዲስ ማመልከቻ ሞልተው እንደገና 40 ዶላር ገደማ መክፈል ነው። ከዚህ በጣም የሚበልጥ የሚጠይቅዎት ድረ ገጽ ካጋጠመዎት መንግሥት ሳይሆን ደላላ ነው።

እዚህ ላይ ቪዛ የሚለይበትን ልብ ይበሉ። የአሜሪካ ቪዛ የተለጠፈበት ፓስፖርት ጊዜው ቢያልፍም ቪዛው አይሞትም። ቪዛው ራሱ ጊዜው ካላለፈና ካልተቀደደ፣ አሮጌውንና አዲሱን ፓስፖርት አብረው ይዘው ይሄዳሉ። ግን ሁለቱም ፓስፖርቶች የአንድ አገር መሆን አለባቸው። ቪዛው ድሮ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የወጣ ከሆነና አሁን ጀርመናዊ ከሆኑ፣ አያገለግልዎትም።

ምልክት፦ Travel Not Authorized የሚል መልስ መጣብኝ

ስለዚህኛው ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም የእኛን ሰው ነው ለይቶ የሚመታው።

አንዲት እህት ወንድሟ ዋሽንግተን ሊያገባ ነው። የጀርመን ዜግነት ካገኘች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። «ቀይ ፓስፖርት አለኝ፣ ኢስታ በቂ ነው» ብላ ትኬቱን ቆረጠች። ፎርሙን ስትሞላ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከማርች 1 ቀን 2011 ወዲህ፣ በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 22 ቀን 2003 ጀምሮ ማለት ነው፣ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ሊቢያ፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ሶርያ ወይም የመን ሄደው ያውቃሉ? እሷ በ2013 እ.ኤ.አ. ከመተማ ወደ ካርቱም ሄዳ ስምንት ወር ያህል ቆይታ፣ ከዚያ በሊቢያ አድርጋ ነው ባሕሩን የተሻገረችው። እውነቱን መለሰች። ፈቃዱ ተከለከለ።

ያለቀሰችው ለሰርጉ ብቻ አልነበረም። «ወንጀለኛ አደረጉኝ» ነበር ያለችኝ። እንደዚያ አይደለም። ሕጉ የሚለው በእነዚህ አገሮች በኩል ያለፈ ሰው ያለ ቪዛ በሚገባበት መንገድ አይጠቀም፤ ቆንስላ ቀርቦ ቪዛ ይጠይቅ ነው። ኢስታ ሰው ፊት ለፊት የማያየው አጭር ማጣሪያ ስለሆነ ታሪክዎን የሚያስረዱበት ቦታ የለውም። ቪዛ ግን አለው። በስደት ነው ያለፍኩት ብሎ ማስረዳት የሚቻለው እዚያ ነው።

በጣም የምፈራው የሚቀጥለውን ነው። «እንደገና ሙይና የለም በይ» የሚል መካሪ አይጠፋም። እባክዎ ይህን አያድርጉ። የመጀመሪያው መልስ ተመዝግቧል። አውቆ ሐሰት መሙላት ለአሜሪካ ዕድሜ ልክ የሚያግድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከኢስታ መከልከል ግን ቪዛ ከመጠየቅ አያግድም።

መፍትሔው ይኸው፦ ceac.state.gov ላይ DS-160 የሚባለውን ፎርም ይሞላሉ። የጎብኚ ቪዛ ክፍያው 185 ዶላር ነው። ፎርሙ «ኢስታ ተከልክለው ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ብለው በአጭሩ ምክንያቱን ይጻፉ። ከዚያ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ይይዛሉ። እሷ ፍራንክፈርት ነበር የቀረበችው። የሥራ ውሏን፣ የቤት ኪራይ ውሏን፣ የሰርጉን ጥሪ፣ ከየት ወደ የት መቼ እንደሄደች በአንድ ገጽ በቅደም ተከተል የጻፈችውን ይዛ ሄደች። ወረቀቱን ባይጠይቋትም፣ መጻፉ ዓመተ ምሕረቶቹን ሳትደነባበር እንድትመልስ ረድቷታል።

ያልተሳካው ጊዜው ነው። አስቸኳይ ቀጠሮ የሚሰጠው ለሞት፣ ለከባድ ሕመምና ለመሳሰለው ነው፤ ሰርግ አይቆጠርም። ቪዛው ሲወጣ ሰርጉ አልፎ ነበር። ትኬቱን አራዝመንላት ለክርስትና ደረሰች። ስለዚህ በሱዳን፣ በሊቢያ ወይም በየመን ያለፉ ከሆነ ኢስታን ሞክረው ጊዜ አያባክኑ። ቀጠሮው ቀድሞ ይያዝ፣ ትኬቱ ይቆይ።

የቀኑ ገደብ ግን ማንን እንደማይነካ ይወቁ። እስራኤል ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢስታ ከሚሞሉት አገሮች ገብታለች። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ወላጆች ካሉዎት፣ ያ ጉዞ ከ2011 በፊት ስለሆነ በዚህ ጥያቄ አይያዙም። ካርቱም መወለድም ብቻውን አይከለክልም፤ የሚከለክለው የሱዳን ዜግነት ነው።

ምልክት፦ የኢስታ ፎርም ላይ አገሬን ላገኘው አልቻልኩም

የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም ሰማያዊው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። ኢስታ የሚያየው ዜግነትን እንጂ መኖሪያ ፈቃድን አይደለም። ጀርመን 15 ዓመት ቢኖሩም ቪዛ ያስፈልግዎታል። «ጀርመን» ብሎ ሞልቶ ማለፍ ቼክ-ኢን ላይ ይያዛል።

ምልክት፦ ከሦስት ወር በላይ መቆየት ፈለግሁ፣ ማራዘም ግን አልቻልኩም

እናቶች ላይ የሚደርስ ነው። ልጇ ወልዳ ልታርሳት የሄደች እናት 90 ቀኑ አይበቃትም። በኢስታ የገባ ሰው ማራዘም አይችልም። ካናዳ ደርሶ መመለስም ቀኑን እንደገና አያስጀምርም። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ 6 ወር ይሰጠዋል፣ ለማራዘምም ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ጀርመናዊት ብትሆንም ለአራስ የምትሄድ እናት ቪዛውን ከዚሁ ታውጣ።

ምልክት፦ «ቪዛ ቦሌ ትወስዳላችሁ» ተባልን፣ ግን ከፍራንክፈርት አላሳፍር አሉን

እናት ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አላት፤ ቪዛ አያስፈልጋትም። እዚህ የተወለዱት ልጆች ግን የጀርመን ፓስፖርት ብቻ ነው ያላቸው። የእናት ካርድ ለልጅ አይተርፍም፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ካርድ ወይም ቪዛ ይኖረዋል።

ሲደርሱ የሚሰጥ ቪዛ ችግሩ አየር መንገዱ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያገኘው ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። ሠራተኛዋ የምታየው ደንቡን ብቻ ነው፦ ፓስፖርቱ ከስድስት ወር በላይ ይቀረዋል ወይ? የመመለሻ ትኬት አለ ወይ? የሚገቡት በቦሌ ነው ወይ? አንዱ ከጎደለ ታስቆማለች፤ ተሳፋሪው ከተመለሰ መልሶ የማምጣቱ ወጪ የአየር መንገዱ ነውና። የልጅ ፓስፖርት ደግሞ ቶሎ ስለሚያልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ስድስት ወሩ ነው።

መፍትሔው፦ ለልጆቹ በ evisa.gov.et ቀድሞ ማውጣት ነው። ስሙ ኤሌክትሮኒክ ቢሆንም ይህ እንደ ኢስታ ያለ የመሳፈሪያ ፈቃድ ሳይሆን ከመነሳት በፊት የተሰጠ ቪዛ ነው። ወረቀቱን አትመው ይያዙት። በየብስ፣ ለምሳሌ ከኬንያ በሞያሌ ለመግባት ካሰቡ ግን የቦሌውን የመድረሻ ቪዛ ተስፋ አድርገው አይነሱ፤ ድንበር ላይ አይሰጥም።