የተነገረን ነገር ትርጉሙ ሳይቀየር በሌላ ዓረፍተ ነገር እንዴት መጻፍ ይቻላል

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቃለ ጉባኤ ግን እንደዚያ አይጻፍም። ሰው «እኔ» ብሎ የተናገረው ወረቀቱ ላይ «እሳቸው» ይሆናል። አንዳንዴም ድርጊቱ እንጂ አድራጊው አይጻፍም። በዚህ መሀል ትርጉሙ ሳይታወቅ ይዛነፋል።

አድራጊውን ወደ ኋላ ማድረግ

«ሰብሳቢው ወንበሮቹን ሸጧቸው» የሚለውን እንያዝ። መጀመሪያ «ወንበሮቹን» ላይ ያለችውን «ን» አውጡ። ቀጥሎ ከግሱ ጫፍ «ኣቸው»ን አንሱ። ከዚያ ግሱ ላይ «ተ» ጨምሩና ከወንበሮቹ ጋር አስማሙት፦ «ወንበሮቹ ተሸጡ»። አድራጊው መጠቀስ ካለበት «በሰብሳቢው ተሸጡ» በሉ። «በሰብሳቢው አማካኝነት» የሚለውን አልወደውም። አማካይ ማለት መሀል የቆመ ሰው ነው። ሻጩ ሌላ ሆኖ ሰብሳቢው ያገናኙ ያስመስላል።

«ተ» ያለበት ግስ ሁሉ ግን ተደራጊ አይደለም። «ተቀበለ» ከመነሻው «ተ» አለው፤ ተቀባዩም ራሱ አድራጊ ነው። «አባላቱ እንግዳውን ተቀበሉ» የሚለው ላይ ሌላ «ተ» መጨመር አይቻልም። «ለእንግዳው አቀባበል ተደረገለት» ማለት ይሻላል። ከሁሉ የሚያምታታው «ተከራየ» ነው። «ድንኳኑ ተከራየ» ስንል ድንኳኑ ለሰው ተሰጠ ማለታችን ነው። «ዕድሩ ድንኳን ተከራየ» ስንል ግን ከፋዩ ዕድሩ ነው። ገንዘብ ባለበት ወረቀት ላይ «ድንኳኑ ለኪራይ ተሰጠ» ብዬ እጽፋለሁ።

ሌላው ጣጣ ሲነበብ የሚለይ፣ ሲጻፍ ግን የማይለይ ቃል ነው። «ቅሬታ አቅራቢው እሁድ ይሰማል» ብትጽፉ ሰውየው ይሰማል ወይስ ቃሉ ይደመጣል? ስንናገር በማጥበቅና በማላላት እንለየዋለን። ፊደላችን ግን ይህን አያሳይም። «የቅሬታ አቅራቢው ቃል እሁድ ይሰማል» ካልን ያበቃል።

የሰውን ንግግር በራስ አንደበት መጻፍ

ጥያቄና ትእዛዝ ቀላል ናቸው። «መቼ ትከፍላለህ?» ያለው «መቼ እንደሚከፍል ጠየቁት» ይሆናል። «ከፍለሃል?» ያለው «ከፍሎ እንደሆነ ጠየቁት»። «ደረሰኙን አምጪ» ያለው «ደረሰኙን እንድታመጣ ነገሯት»። ለምነው ከሆነ «ለመኗት»፣ አዘው ከሆነ «አዘዟት» በሉ። ድምፁ ከወረቀቱ ስለሚጠፋ ይህ ግስ ነው የሚተካው።

ችግሩ ያለው ተራ ንግግር ላይ ነው። «እከፍላለሁ» ካለ «እንደሚከፍል ተናገረ»። «ከፍያለሁ» ካለ «እንደከፈለ ተናገረ»። እንግሊዝኛ ሰዋስው ብዙ ያጠና ሰው እዚህ ላይ ጊዜውን ወደ ኋላ ይጎትትና «ይከፍል እንደነበር ተናገረ» ይላል። በአማርኛ ይህ ሌላ ትርጉም ነው፤ ድሮ ይከፍል ነበር ማለት ነው። «መክፈሉን ገለጸ» የሚለውም ከዜና የለመድነው አጻጻፍ ነው። አጭር ስለሆነ ደስ ይላል። ግን አንባቢ የሚረዳው ገንዘቡ እንደተከፈለ ነው። ገና ለሚከፈል ገንዘብ አትጠቀሙበት።

አሁን እኔ ወደ ወደቅሁበት እንምጣ። አንድ አዛውንት አባላችን በስብሰባ ላይ የተናገሩትን ማስታወሻዬ ላይ «ኮሚቴ ውስጥ አልገባም» ብዬ አሰፈርኩ። ቃለ ጉባኤውን ያዘጋጀሁት ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማን ምን እንዳለ በደንብ አላስታውስም። በዚያው ስብሰባ አንድ ሌላ አባል ኮሚቴ ውስጥ ገብቷል አልገባም የሚል ክርክርም ነበር። ስለዚህ አዛውንቱ ስለዚያ ሰው የተናገሩ መሰለኝና «ተመራጩ ኮሚቴ ውስጥ እንዳልገባ ተናገሩ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ያሉት ግን ስለ ራሳቸው ነበር። በዕድሜና በሕመም ምክንያት አልገባም ማለታቸው ነው። እምቢታቸው በወረቀቱ ላይ ስላልነበረ በሚቀጥለው ስብሰባ ስማቸው ለኮሚቴ ተጠራ። «አልገባም ብዬ ነግሬያችሁ አልነበረም ወይ?» ብለው አዝነው ወጡ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቃለ ጉባኤውም ታረመ።

ምክንያቱ ይህ ነው። «አልገባም» ላልቶ ሲነበብ «እኔ ወደፊት አልገባም» ነው። «ባ» ጠብቆ ሲነበብ «እሱ አልገባም» ይሆናል፤ ያለፈ ነገር ነው። «አልመጣም»፣ «አልሰማም»፣ «አልበላም»፣ «አልወጣም» ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። የመጀመሪያው «እንደማይገቡ»፣ ሁለተኛው «እንዳልገባ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ቃላት ሲነገሩ ማስታወሻዬ ላይ ከፊታቸው «እኔ» ወይም «እሱ» እጨምራለሁ። ካልጨመርኩና ከረሳሁ ደግሞ ተናጋሪውን ስልክ ደውዬ እጠይቃለሁ። በግምት አልሞላም።

አንድ ነገር ልጨምር። «አለ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ንግግር አይደለም። «የመጋዘኑ በር አልከፈትም አለ» ሲባል በሩ እምቢ አለ ማለት ነው። ይህን «በሩ እንደማይከፈት ተናገረ» ብሎ የሚቀይር አይኖርም። ሰው ሲሆን ግን ይሳሳታሉ። «ዘበኛው አልነሳም አለ» ሲባል ዘበኛው በቃሉ ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ ሲቀሰቅሱት ዝም ብሎ ተኝቶም ሊሆን ይችላል። ካልተናገረ «ለመነሳት ፈቃደኛ አልሆነም» ብላችሁ ጻፉ።

አንዱን ሙሉ ንግግር እንቀይር

እሁድ ሐምሌ 5 ተሰብስበናል እንበል። ገንዘብ ያዧ እንዲህ አሉ፦ «ድንኳኑን ባለፈው እሁድ አከራየሁት። ገንዘቡን ነገ ባንክ አስገባዋለሁ። ደረሰኜን ግን ማን እንደወሰደብኝ አላውቅም።»

መጀመሪያ «እኔ» ያለበትን ሁሉ አስምሩበት። አከራየሁት፣ አስገባዋለሁ፣ ደረሰኜን፣ እንደወሰደብኝ፣ አላውቅም። አምስት ናቸው። ብዙ ሰው ግሶቹን ይቀይርና «ደረሰኜን» ወይም «ብኝ»ን ይረሳል። ያን ጊዜ ደረሰኙ የጸሐፊው ይሆናል። ቀጥሎ የጊዜ ቃላቱን በቀን ተኩ። ቃለ ጉባኤ ከወራት በኋላ ስለሚነበብ «ነገ» እና «ባለፈው እሁድ» ዋጋ የላቸውም። «በማግስቱ» ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ቀኑን እመርጣለሁ።

እንዲህ ይወጣል፦ «ገንዘብ ያዧ ድንኳኑን ሰኔ 28 ቀን እንዳከራዩት፣ ገንዘቡንም ሐምሌ 6 ቀን ባንክ እንደሚያስገቡት፣ ደረሰኛቸውን ግን ማን እንደወሰደባቸው እንደማያውቁ ተናገሩ።»

ሰብሳቢው አጭር ነገር ከፈለጉ፦ «ድንኳኑ ሰኔ 28 ቀን ለኪራይ ተሰጥቷል። ገንዘቡ ሐምሌ 6 ቀን ባንክ ይገባል። የገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ተወስዷል፤ ወሳጁ አልታወቀም።» ይህ አጭር ነው፤ ግን ልብ በሉ። «ተናገሩ» ስለወጣ አሁን የሚናገረው ዕድሩ ራሱ ሆኗል። ደረሰኙ በእርግጥ ተወስዶ እንደሆነ እኔ አላየሁም። ስለዚህ ሦስተኛው ላይ «እንደ ገንዘብ ያዧ ገለጻ» የሚለውን መልሼ አስገባለሁ።

ሲያልቅ የጻፋችሁትን መልሳችሁ ወደ «እኔ» አዙሩትና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ገንዘብ ያዧ ካሉት ጋር አንድ ካልሆነ የተሳሳተው ቃል ወዲያው ጆሮ ላይ ይጎረብጣል። ከተቻለ ፊርማ ከመሰብሰቡ በፊት ለራሳቸው ለተናጋሪዋ አንብቡላቸው።