ለቅርብ ጓደኛ "ልሄድ ነው" ስትሉ

ወደ ውጭ ልትሄዱ ከሆነ ለቅርብ ጓደኛችሁ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማ፣ ጉዳዩ እንደተቆረጠ በአካል ንገሩት። ስንብት ላይ ከሁሉም እኩል መስማት ያስከፋል። "በየቀኑ እንደዋወላለን" አትበሉ፣ አይሆንማ! ይልቅ ሰዓቱን አብራችሁ አስሉት። የምትሄዱበት አገር 8 ሰዓት ወደ ኋላ ከሆነ፣ እናንተ 11 ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጡ እሱ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በሥራ ቀን የድምፅ መልእክት፣ ቅዳሜ ደግሞ እናንተ ጋ ረፋድ እሱ ጋ አመሻሽ ሲሆን መደወል ነው የሚያዋጣው። "መጀመሪያ ላይ ቤትና ሥራ ስፈልግ ልጠፋ እችላለሁ፣ ተቀይሜህ አይደለም" በሉት። የሆነ ነገር ሲገጥመው ቶሎ የሚደርስለት ሌላ ሰው እንደሚሆንም አትደብቁት (ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው)። ለክፉ ነገር ግን ሌሊትም ቢሆን ይደውል።