ክብደት ሳይቀንስ ስብን አጥፍቶ ጡንቻ መገንባት፦ እንዴት እንደሚሠራ

ክብደታቸው ለቁመታቸው ያን ያህል ያልበዛ፣ ነገር ግን ሆዳቸው የገፋና ክንዳቸው የሳሳ ሰዎች ምግብ እንዲቀንሱ ሲመከሩ ይሰማል። ብረት ማንሣት ለጀመረ ወይም አቋርጦ ለተመለሰ ሰው ግን የሚሻለው፣ ክብደቱን ባለበት የሚያቆየውን ያህል እየበላ መሥራት ነው። ለዓመታት ብረት ያነሣና ቀድሞውኑ ስቡ ያነሰ ሰው በዚህ መንገድ የሚያየው ለውጥ እጅግ አዝጋሚ ስለሚሆን ሌላ ዕቅድ ቢይዝ ይሻለዋል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ለስኳር መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ለምሳሌ 78 ኪሎ የሚመዝን፣ ወገቡ 94 ሴንቲ ሜትር የሆነና ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው እንውሰድ።

1. የሚበቃዎትን መጠን ማግኘት

አስቸጋሪው ሥራ ይህ ነው። ኪሎን በ31 ማባዛት ለመነሻ ያህል ይበቃል፤ ለምሳሌያችን ሰው 2,400 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። በስልክ ላይ ያሉት ማስሊያዎችም ከዚህ የተሻለ ነገር አይሰጡም፤ ሁሉም ግምት ናቸው። እውነቱን የሚናገረው ሚዛኑ ነው። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ በየቀኑ ይመዘኑና የሰባቱን ቀን አማካይ ይያዙ። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በሳምንት የአንድ ኪሎ ለውጥ በቀን የ1,100 ካሎሪ ልዩነት ማለት ነው። የሰውየው አማካይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ78 ወደ 77.5 ከወረደ፣ በሳምንት ሩብ ኪሎ አጥቷልና በቀን 275 ካሎሪ ያህል ጎድሎበታል፤ ያንን ይጨምራል። ጨው የበዛበት እራት፣ የወር አበባ ዑደት፣ አዲስ የተጀመረ ስፖርት ውኃ ስለሚያስይዙ በአንድ ቀን ቁጥር አይደንግጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሥልጠና ሳምንታትም ለፍርድ አይጠቀሙባቸው።

የብዙዎችን ሂሳብ የሚያዛባው ወጥ ውስጥ የገባው ዘይት ነው። እንጀራውን ይቆጥራሉ፣ ሽሮውን ይቆጥራሉ፤ ቁሌቱ የጠጣውን ዘይት ግን ማንም አይቆጥረውም። መላው ቀላል ነው፦ የዘይቱን ጠርሙስ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ በኩሽና ሚዛን ይመዝኑ። ጠርሙሱ 180 ግራም ከቀነሰና ድስቱን ስድስት ሰው እኩል ከተካፈለው፣ ለአንድ ሰው 30 ግራም ይደርሳል፤ ይህም 270 ካሎሪ ነው። ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ድርሻውን በትክክል ማወቅ ስለማይችል፣ ወጡን አስቀድሞ በጭልፋ ለይቶ ማውጣት ይኖርበታል። ለጉርሻ የሚሆን ሂሳብ የለኝም፤ የሳምንቱ አማካይ ያስተካክለዋል።

2. ፕሮቲን

ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም ይያዙ፤ ለዚህ ሰው 125 ግራም ገደማ ነው። ሦስት እንቁላል 18፣ 150 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 45፣ ጥሬውን 100 ግራም የተመዘነ ምስር 24፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ይሰጣሉ፤ የቀረውን እንጀራውና ዳቦው ይሞሉታል። በጾም ወራት ይህን ማሟላት ይከብዳል። ምስር፣ ሽምብራና አኩሪ አተር አብዝቶ ወደ 100 ግራም መድረስ ከተቻለ ሥራው አይቆምም። ከሰዓት በኋላ ብቻ መብላትም የቀኑ ድምር እስከተሟላ ድረስ ብዙ አይጎዳም።

3. ብረት

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ስኳት ማለትም ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ዴድሊፍት ማለትም ብረትን ከመሬት ማንሣት፣ ቤንች ፕሬስ ማለትም በጀርባ ተጋድሞ ብረትን ወደ ላይ መግፋት፣ እንዲሁም ብረትን ወደ ሰውነት የመሳብ እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱን ሦስት ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሥሩ። ዙሩን የሚያቆሙት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ መድገም እንደሚችሉ ሲሰማዎት ነው። በሦስቱም ዙር 12 ሲሞላ 2.5 ኪሎ ይጨምሩ። የተሠራውን በደብተር ይጻፉ፤ ያለ ደብተር ጭማሪውን ማስታወስ ስለማይቻል፣ ሰው ሳያውቀው ያንኑ ኪሎ ወራት ያነሣል።

4. ለውጡን መለካት

ሚዛኑ ባለበት ስለሚቆም ለውጡን አያሳይም። የስብ መቶኛ እናሳያለን የሚሉት የኤሌክትሪክ ሚዛኖችም ውኃ በጠጡ ቁጥር ስለሚለዋወጡ ገንዘብ አይገባቸውም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበልጣል፦ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ በእምብርት ልክ፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ ሆድዎን ሳይስቡ ይለኩ።

ከስምንት ሳምንት በኋላ የሰውየው አማካይ 78 ኪሎ ሆኖ፣ ወገቡ ወደ 91 ወርዶ፣ የስኳቱ ኪሎ ከጨመረ መንገዱ ትክክል ነው። ወገቡም ክብደቱም ከጨመሩ ትርፍ ምግብ አለና በቀን 150 ካሎሪ ይቀንስ፤ በቅድሚያ የሚመረመረውም ዘይቱ ነው። ወገቡ እየቀነሰ ብረቱ ከቆመ ግን እየጎደለበት ነው፤ ፕሮቲኑን፣ እንቅልፉንና የሳምንቱን አማካይ ይይ። ወገቡም ብረቱም ካልተንቀሳቀሱ ደብተሩን ይክፈት፤ አብዛኛውን ጊዜ የተዘለሉት የሥልጠና ቀናት እዚያ ይገኛሉ።