«እሺ» ያሳሳተው የውርስ ውይይት ማጠቃለያ

የውይይቱ የድምፅ ቅጂ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። አራት እህትና ወንድሞች የወላጆቻቸውን ቤት፣ ሱቅና መኪና ስለመካፈል ይነጋገራሉ። የመጀመሪያው ማጠቃለያ «ቤቱ እንዲሸጥ ሁሉም ተስማሙ» ስላለ ታናሽ እህት አልፈርምም አለች።

ልክ ነበረች። ቅጂው ላይ የሚሰማው «እሺ ጋሼ፣ ቀጥል» ነው፤ ይህ መስማቷን እንጂ መስማማቷን አያሳይም። በስልክ የገባው ወንድም ደግሞ በዚያ ሰዓት መስመሩ ተቋርጦበት ነበር። ዝምታው እንደ ይሁንታ ተቆጥሯል።

ያስተካከለው ነገር ማጠቃለያውን በወሬው ቅደም ተከተል ሳይሆን በንብረት መክፈል ነው። በየንብረቱ ሥር አራቱም ይጻፋሉ፤ ከጎናቸው የተናገሩት ቃል እንዳለ ከነደቂቃው ይቀመጣል። ቤቱ ላይ ታላቅ እህት በ41ኛው ደቂቃ «የእማዬ ሙት ዓመት ይለፍና ይሸጥ» ብላለች፤ ስለዚህ «በቅድመ ሁኔታ» ተባለ። ታናሿና የስልኩ ወንድም «አልመለሱም» ተባሉ፤ ቤቱም ካልተወሰኑት ጋር ተመዘገበ። መኪናው ላይ አራቱም በግልጽ ስለተናገሩ አለቀ። የሱቁን ዋጋ ማን ይገምት የሚለው ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል፤ እንደ ጥያቄ ተጻፈ። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ካለ ሁለቱም ቃሎቹ ይጻፋሉ፣ የሚያዘው ግን የኋለኛው ነው።

አራቱ ቢፈርሙበትም ማጠቃለያው ቤቱን አያስተላልፍም፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ይጠይቃል።