ፊው እና ኤ ፊው፣ ሊትል እና ኤ ሊትል፦ ልዩነታቸውን እንዴት ማስተማር ይቻላል?

እኛ «ብዙ ሰው» እና «ብዙ ውሃ» ስንል «ብዙ» አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ለሚቆጠር ስም ሜኒን፣ ለማይቆጠር ስም ማችን ይጠቀማል። «ጥቂት»ም እንዲሁ ለሚቆጠረው ፊው፣ ለማይቆጠረው ሊትል ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ስሞቹን አስለዩ። ተማሪው ከስሙ ፊት ቁጥር አስገብቶ ይሞክር፤ «ስሪ ቡክስ» ይባላል፣ «ስሪ ራይስ» አይባልም። ገንዘብ ላይ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። የሚቆጠረው ብሩ ወይም ዶላሩ እንጂ መኒ የሚለው ስም እንዳልሆነ በጥያቄ አሳዩ፦ «ሃው ሜኒ ዶላርስ?» ግን «ሃው ማች መኒ?»። ኢንፎርሜሽን፣ አድቫይስና ሆምወርክ ላይም ቆም በሉ። በአማርኛ «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «የቤት ሥራዎች» ስለምንል ተማሪው ኤስ ሊጨምርባቸው ይፈልጋል፤ እንግሊዝኛ ግን እንደማይቆጠሩ ይወስዳቸዋል።

ማች በብዛት የሚመጣው በጥያቄና በአሉታ ነው። «አይ ሀቭ ማች መኒ» ለጆሮ ስለሚከብድ «ኤ ሎት ኦቭ መኒ» ማለትን አስለምዱ።

ዋናው ችግር ያለው ኤ ላይ ነው። ብዙ መምህራን ፊውንም ኤ ፊውንም «ጥቂት» ብለው ተርጉመው ያልፋሉ፤ ተማሪው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልዩነቱ በአማርኛ የሚታየው በግሱ ነው። «ሂ ሀዝ ኤ ፊው ፍሬንድስ» ማለት «ጥቂት ጓደኞች አሉት» ነው፤ ኤ ስትወጣ ግን «ብዙም ጓደኛ የለውም» ይሆናል። በሊትልም እንደዚሁ ነው። ኤ ካለች «አለ»፣ ከሌለች «ብዙም የለም» ብላችሁ አስተምሩ።

ተማሪው መረዳቱን ለማወቅ ዓረፍተ ነገሩን ጀምራችሁ መጨረሻውን ለእሱ ተዉለት። «አይ ሀቭ ኤ ሊትል መኒ፣ ሶ...» ስትሉ «ሻይ እንጠጣ» የሚል ሐሳብ በእንግሊዝኛ ካመጣ ገብቶታል። «አይ ሀቭ ሊትል መኒ፣ ሶ...» ላይም ሻይ ከጋበዛችሁ አልገባውም፤ እዚህ የሚጠበቀው «በእግሬ እሄዳለሁ» የሚል ዓይነት መልስ ነው።

ከዚያ ቃል ጽሕፈት ስጡ። ኤ በንግግር ውስጥ ጎላ ሳትል በፍጥነት ስለምታልፍ በጆሮ መያዝ ያስቸግራል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በተለመደው ፍጥነት እያቀያየራችሁ አንብቡና ተማሪዎቹ ኤ ያለችበትን ይለዩ።

ሁለት ነገሮች ከደንቡ ይወጣሉ። «ኦንሊ ኤ ፊው» ኤ እያለችበትም ማነስን ያሳያል፤ «ክዋይት ኤ ፊው» ደግሞ በርካታ ማለት ነው። እነዚህን ከመጀመሪያው ትምህርት ጋር አትቀላቅሉ፣ በሌላ ቀን አምጧቸው።

በዕለት ተዕለት ንግግር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከፊውና ከሊትል ይልቅ «ኖት ሜኒ» እና «ኖት ማች» ማለትን ያዘወትራሉ። በመሆኑም ጀማሪ ተማሪ በንግግሩ እነዚህን ይጠቀም፤ ፊውንና ሊትልን ሲያነብና ሲያዳምጥ ከለየ ለጊዜው ይበቃዋል።