መደወል እምቢ ያለ ሲም

ሂሳብ እያለው መደወል እምቢ ብሎ ጥሪ ብቻ የሚቀበል ሲም ካለዎት፣ ምዝገባው ጎድሎ ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በሌላ ስልክ 994 ደውለው መስመሩ በማን ስም እንደሆነ ያጣሩ። ጣጣው እዚያ ሊሆን ይችላል። ወንድምዎ ያወጣው ሲም ከሆነ የእርስዎ መታወቂያ ብቻውን አይበቃም፤ ስም ለማዛወር እሱም መታወቂያውን ይዞ አብሮዎት ቢሄድ ይሻላል።

በራስዎ ስም ከሆነ ሲሙንና ዋናውን መታወቂያ ይዘው ወደ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ። ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ ግን ይመልስዎታል። የፋይዳ ቁጥር ካለዎት ይቀልዎታል፣ ስምዎ በሁለቱም ላይ አንድ ከሆነ። አንዱ «ገብረማርያም»፣ ሌላው «ገ/ማርያም» ካለ ሊያከራክር ስለሚችል፣ ቀድመው ፋይዳው ላይ ያስተካክሉ። በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ መንገድ ላይ የተሸጠ ሲም ከሆነማ፣ ባለቤቱን ከመፈለግ አዲስ ማውጣት ይቀላል።