ባሕር ማዶ ለሚማር የልጅ ልጅ የአያት የጠዋት ሰላምታ እንዴት ይጻፋል?

አያቴ ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ፤ የስልክ ትንንሽ ፊደላት ግን ለዓይናቸው አይታዩም። ስለዚህ ባሕር ማዶ ለምትማረው እህቴ የሚልኩትን የጠዋት ሰላምታ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ብዙ ጊዜ ተሳስተን የደረስንበት አካሄድ ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። ሰላምታው መድረስ ያለበት በአያት ጠዋት ሳይሆን በልጁ ጠዋት ነው። የእህቴ ሰዓት ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ በስልካችን 7:00 ሲል ስንልክ እሷ ዘንድ ገና የዋዜማው 23:00 ነበር። አንድ ሌሊት የመልእክቱ ድምፅ ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት፤ ክፉ ወሬ መስሏት እየተንቀጠቀጠች ደወለች። ከዚያ ወዲህ ሳላሰላ ልኬ አላውቅም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የልጁ ሰዓት ከእናንተ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ልዩነቱን በሚነቃበት ሰዓት ላይ ደምሩ፤ የቀደመ ከሆነ ቀንሱ። እህቴ በ7:00 ስለምትነሣ፣ 8 ሲደመርበት መልእክቱ ከእኛ ዘንድ መነሣት ያለበት በ15:00 ነው። ሆኖም አያቴ የሚናገሩት ጠዋት ስለሆነ ያኔውኑ እጽፈውና በቴሌግራም እቀጥረዋለሁ፦ የመላኪያውን ቀስት ተጭኜ እይዛለሁ፣ Schedule Message የሚለውን እመርጣለሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በራሴ ስልክ አቆጣጠር አስገባለሁ። በበጋና በክረምት ሰዓታቸውን የሚያዛውሩ አገሮች ስላሉ፣ ልጁ ያለው በእነዚህ ከሆነ ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በ1 ሰዓት ይለወጣል። ያኔ ስሌቱን እንደገና ሥሩ።

ቀጥሎ የጸሐፊው ሥራ ነው፤ እርሱም የሰማውን ሳያሳምር መጻፍ ነው። እኔ መጀመሪያ አካባቢ «ውድ የልጅ ልጄ፣ በትምህርትሽ ትበረቺ ዘንድ ምኞቴ ነው» ብዬ ላክሁ። እህቴ «ይህን ማን ጻፈው?» ብላ መለሰች። አያቴ በሕይወታቸው «ዘንድ ምኞቴ ነው» ብለው አያውቁም። «ልጄ» ካሉ «ልጄ» ብላችሁ ጻፉ፤ አንድ ቃል ከደገሙም ይደገም፤ ልጁ ድምፃቸውን የሚሰማው በዚያ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን የሚባለው ነገር ነው። አንድ ጠዋት አያቴ እንዲህ አሉኝ፦

«እንደምን አደርሽ ልጄ? ምነው ጠፋሽ? ትላንትም አልደወልሽ። እኔ ጉልበቴ ሲነዘንዘኝ አደረ። ትበያለሽ ወይ? ብርዱስ እንዴት ነው? ፈተናሽ መቼ ነው?»

ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ዓይኗን ገና የገለጠች ልጅ ይህን ስታነብ አንድ ወቀሳና አራት መልስ የሚጠብቁ ጥያቄዎች ይወድቁባታል። ለክፍል ስትጣደፍ «በኋላ እመልሳለሁ» ትላለች፤ በኋላም ይረሳል፤ በነጋታው ደግሞ «ምነው ጠፋሽ» ይበረታል። የጉልበቱ ሕመም መደበቅ የለበትም፤ ቦታው ግን ጠይቃ መልስ የምታገኝበት የስልክ ጥሪ ነው።

ስለዚህ አያቴን «ዛሬ ከተነሡ ምን አደረጉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለጸሐፊ ከዚህ የሚሻል ጥያቄ አላገኘሁም። ትንሽ አሰቡና እህቴ ትታው የሄደችውን ሹራብ ለብሰው ደጅ እንደወጡ ነገሩኝ። እንዲህ ሆነ፦

«እንደምን አደርሽ ልጄ? ዛሬ ብርድ ነበር፤ ያንን ሰማያዊ ሹራብሽን ለብሼ ደጅ ወጣሁ። እጅጌው ረዘመብኝ። እግዚአብሔር ቀንሽን ይባርክልሽ፣ የምታነቢውን ይግለጥልሽ። አትመልሺልኝ፣ ወደ ትምህርትሽ ሂጂ። አያትሽ።»

ሰላምታ፣ የዚያን ጠዋት አንድ ነገር፣ ምርቃት፣ ከዚያም ማሰናበት። ከማሰናበቱ በፊት ጥያቄ መጨመር ካስፈለገ አንድ ብቻ ይሁን፤ በፈተና ቀን እሱም ይቅር። ምርቃቱ ደግሞ ከዕለቱ ጋር ይሂድ፤ ለፈተና «ያጠናሽውን ያስታውስሽ» ይባላል፣ ለታመመ ልጅ ሌላ።

ወንድምም እህትም ባሕር ማዶ ካሉ የአንዱን መልእክት ገልብጣችሁ ለሌላው አትላኩ። አንድ «አደርክ» ለልጅቷ ከሄደ፣ ለእሷ እንዳልተጻፈ ወዲያው ታውቃለች።

መልእክቱ ሰምሮ እንደሆነ ከመልሱ ይታወቃል። «ደህና ነኝ» ብቻ ከመጣ ልጁ የሚይዘው ነገር አላገኘም ማለት ነው፤ በነጋታው አያትን የበለጠ ጠይቁ። የሹራቡ ቀን እህቴ አትመልሺ ብትባልም ከክፍል ወጥታ ጻፈች፦ «እጅጌውን ሁለት ጊዜ ይጠቅልሉት እማማ፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።»